ፈቃዱ የማን ነው? በጂንካና በደቡብ ኦሞ ለሚዘጋጁ የቱሪዝም ኅትመቶች የቅድመ ሥራ መጠይቅና የማስጀመሪያ መልእክት

መግቢያ

በጂንካ ብሮሸር፣ ባነርና ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ቢሮ ከደንበኛ ጋር በቃል ተስማምቶ፣ ቅድመ ክፍያ ተቀብሎ ሥራ ቢጀምር እንግዳ ነገር አይደለም። ደንበኛው ጽሑፉንና ፎቶግራፎቹን በስልክ ይልካል፤ ባለሙያው የጎደለውን በግምት ይሞላል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው የመጀመሪያው ረቂቅ ሲቀርብ ወይም ኅትመቱ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ይሆናል። ይህን ለማስቀረት ሁለት ሰነዶች ያገለግላሉ። የመጀመሪያው የቅድመ ሥራ መጠይቅ ነው፤ ሥራው የሚፈልጋቸውን ግብአቶች፣ ፈቃዶችና የደንበኛውን ፍላጎት አስቀድሞ ይሰበስባል። ሁለተኛው የማስጀመሪያ መልእክት ነው፤ በመጠይቁ የተገኘውን ጠቅልሎ ሥራው መቼ፣ በምንና በማን ይሁንታ እንደሚጀመር ለሁሉም ወገን በጽሑፍ ያሳውቃል።

ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ሰነዶች የሚመለከተው በደቡብ ኦሞ ለሚዘጋጅ የቱሪዝም ኅትመት ነው። ዋና ነጥቡም በዚህ ዓይነት ሥራ ከፋዩ ደንበኛ የሁሉም ፈቃድ ባለቤት አለመሆኑ ነው። በመሆኑም መጠይቁ «ምን ይፈልጋሉ?» ከማለት አልፎ «ይህን የመፍቀድ መብት ያለው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ያሉ ሦስት ፈቃዶች

የአካባቢው የቱሪዝም ኅትመት ከሞላ ጎደል በሰው ምስል ላይ የተመሠረተ ነው። የሐመር፣ የሙርሲ፣ የካራ፣ የዳሰነች ወይም የአሪ ሰው ፎቶግራፍ የሌለበት ብሮሸር ማግኘት ይከብዳል። እንዲህ ባለው አንድ ፎቶግራፍ ላይ ግን ሦስት የተለያዩ ፈቃዶች ይገናኛሉ።

የመጀመሪያው የፎቶግራፍ አንሺው ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ ነው። አንድ ጎብኚ ያነሳውን ምስል ለአስጎብኚው በማስታወሻነት መላኩ አስጎብኚው በማስታወቂያ ላይ እንዲያትመው ፈቅዷል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው የተነሺው ሰው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ለዚህ ክልከላ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። ከእነዚህ መካከል ሳይንሳዊ፣ ባህላዊና ትምህርታዊ ጥቅም፣ እንዲሁም በአደባባይ የተፈጸሙ ወይም ሕዝብን የሚመለከቱ ክንውኖች ይገኙበታል። በጂንካ የሚገኘው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ለትምህርታዊ ዐውደ ርእይ የሚጠቀምበት ምስልና አንድ ሎጅ የመኝታ ክፍሉን ለማከራየት የሚያትመው ምስል በዚህ ሚዛን እኩል አይታዩም። ሎጁ «ባህል ማስተዋወቅ ነው» ቢል እንኳ የንግድ ዓላማው መከራከሪያውን ያዳክምበታል።

በዚህ ላይ በአካባቢው የተለመደው የፎቶ ክፍያ ግራ መጋባት ይፈጥራል። ጎብኚዎች በመንደርና በገበያ ሰው ሲያነሱ ለተነሺው ገንዘብ መክፈላቸው የታወቀ ነው። ብዙ ደንበኞችም «ተከፍሏቸው የተነሱ ናቸው» የሚለውን መልስ እንደ ሙሉ ፈቃድ ያቀርቡታል። ሆኖም ተነሺው የተስማማው በዚያች ቅጽበት ለመነሳት ነው። ምስሉ በሺህ ቅጂ ታትሞ በሆቴሎች እንዲበተን ወይም ለዓመታት በድረ ገጽ ላይ እንዲቆይ መስማማቱን ክፍያው ብቻውን አያሳይም። ስለዚህ መጠይቁ «ተከፍሏል ወይ?» የሚለውንና «ለኅትመት ተፈቅዷል ወይ?» የሚለውን ለይቶ መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው የደንበኛው ድርጅት ውስጣዊ ይሁንታ ነው። ደንበኛው ማኅበር ከሆነ ባለሙያውን የሚያነጋግረው ጸሐፊው፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ገንዘብ ያዡ፣ ማኅተሙን የያዘው ሰብሳቢው ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው «ጥሩ ነው» ያለውን ረቂቅ ሰብሳቢው ከሳምንት በኋላ ሊመልሰው ይችላል፤ ባለሙያው ግን ያንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ ሠርቷል።

የመጠይቁ አደረጃጀት

መጠይቁ ረጅም መሆን የለበትም። ከሁለት ገጽ ካለፈ ደንበኛው ለጥያቄዎቹ ሁሉ «አዎ» እያለ ሊያልፍ ይችላል። ሦስት ክፍሎች ይበቁታል።

የግብአት ክፍሉ እያንዳንዱን ፋይል በቁጥር እንዲዘረዘር ያደርጋል። «ፎቶግራፍ አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ምንጊዜም «አለን» ነው። ከዚህ ይልቅ ለእያንዳንዱ ምስል አንድ መስመር ያለው ሠንጠረዥ ይቀርባል፤ ዐምዶቹም የምስሉ ቁጥር፣ ያነሳው ሰው፣ የተነሳበት ቦታ፣ የተነሺው ማንነት፣ የኅትመት ፈቃድ መኖር አለመኖሩና የማስረጃው ዓይነት ናቸው። ባዶ የቀረ ሳጥን ራሱ መረጃ ነው፤ ባለሙያው የትኛውን ምስል መጠቀም እንደማይችል ይነግረዋል።

የአላላክ መንገዱም እዚሁ ይገለጻል። በቴሌግራም በተለመደው መንገድ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቅና ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል አካባቢ ይሆናል። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ስለሚያስፈልግ ይህ ምስል በጥራት የሚታተመው በ11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የኤ4 ገጽ ቁመት ግን 29.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 3508 ፒክስል ይፈልጋል። ስለዚህ መጠይቁ ምስሎቹ በፋይል መልክ እንዲላኩ ወይም በፍላሽ እንዲመጡ በግልጽ ይጠይቃል። ስልክ ላይ ሲታይ ውብ የሆነ ምስል በሽፋን ገጽ ላይ ሲታተም የሚደበዝዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጽሑፍ ግብአት ውስጥ ትኩረት የሚሻው የማኅበረሰቦች ስም ነው። በቆዩ ጽሑፎች ዳሰነች «ገለብ»፣ ኛንጋቶም ደግሞ «ቡሜ» እየተባሉ ተጽፈዋል። እነዚህ ሌሎች የሰጧቸው ስሞች ናቸው። ደንበኛው ጽሑፉን ከአሮጌ ብሮሸር ቀድቶ ከሰጠ ስሞቹም አብረው ይመጣሉ። መጠይቁ «በኅትመቱ የሚጠቀሱ ማኅበረሰቦችን ስም በምትፈልጉት አጻጻፍ፣ በአማርኛና በላቲን ፊደል፣ አንድ በአንድ ጻፉ» ቢል ስሕተቱ ከኅትመት በፊት ይወጣል፤ አጻጻፉም ከገጽ ገጽ አይለያይም።

የፈቃድ ክፍሉ አራት ጥያቄዎች ይኖሩታል፦ ረቂቁን የሚያጸድቀው ማን ነው? እርሱ ወይም እርሷ በሌሉ ጊዜ ተተኪው ማን ነው? ይህ ውክልና በቃለ ጉባኤ ወይም በደብዳቤ ተገልጿል ወይ? ወጪውን የሚጋራ ሌላ ድርጅት ካለ የማጽደቅ ድርሻው እስከ ምን ድረስ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ አስፈላጊ ነው። የጂንካ ማኅበር ከአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት ጋር ወጪ ተጋርቶ ሲያሳትም፣ ስለ ማኅበረሰቡ የሚጻፈውን ማን እንደሚወስን ካልታወቀ ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ እርማት ይልካሉ።

የፍላጎት ክፍሉ ስለ «ውበት» አይጠይቅም፤ የሚቆጠር ነገርን ይጠይቃል። ኅትመቱ በማን እጅ ይገባል? በስንት ቋንቋ ይዘጋጃል? ስንት ቅጂ ያስፈልጋል? ስንት ዙር እርማት በዋጋው ውስጥ ይካተታል? ከሁሉም በላይ ደግሞ «በኅትመቱ ውስጥ ፈጽሞ እንዲታይ የማትፈልጉት ነገር ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይጠቅማል። ደንበኛው የሚወደውን ለመግለጽ ቢቸገርም የማይፈልገውን ለመናገር አይቸገርም። የትኛው ሥነ ሥርዓት በማስታወቂያ ላይ ቢወጣ ቅሬታ እንደሚያስነሳ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በዚህ መልስ ነው።

ማሳያ፦ የአንድ አስጎብኚዎች ማኅበር ብሮሸር

የመጠይቁን አሠራር ለማየት የሚከተለው ምሳሌ ለማሳያነት ተዘጋጅቷል። በጂንካ የሚገኝ የአስጎብኚዎች ማኅበር ስምንት ገጽ ብሮሸር እንዲሠራለት ይፈልጋል እንበል። ማኅበሩ 24 ፎቶግራፎችን ያቀርባል፤ ብሮሸሩ የሚይዘው ግን 16 ምስሎችን ነው። ማኅበሩ ግብአቱ ከበቂ በላይ እንደሆነ ያምናል።

ሠንጠረዡ ሲሞላ ሥዕሉ ይለወጣል። ዘጠኙ ሰው የሌለባቸው የመሬት አቀማመጥና የቤት ምስሎች ሲሆኑ ያነሷቸው የማኅበሩ አባላት ናቸው፤ የአንሺዎቹ የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ይበቃል። ስድስቱ በአባላት የተነሱ የገበያ ምስሎች ናቸው፤ ሰው ቢኖርባቸውም ሕዝቡን በጥቅሉ እንጂ አንድን ሰው ለይተው አያሳዩም። እነዚህ በአደባባይ የተፈጸመ ክንውን ከሚለው ልዩ ሁኔታ ጋር ይቀራረባሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ተቆርጦ የአንዲት ሴት ፊት ብቻ እንዲታይ ከተደረገ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። ስለዚህ መጠይቁ ላይ «በሙሉ ይዞታው ብቻ» የሚል ምልክት ይደረግባቸዋል።

የቀሩት ዘጠኙ የቅርብ የፊት ምስሎች ናቸው። አራቱን አባላት አንስተዋቸዋል፤ የተነሺዎቹ ስምና መንደርም ይታወቃል። ሦስቱን ጎብኚዎች ለማስታወሻ ልከዋቸዋል። ሁለቱ ከኢንተርኔት የተወሰዱ ሲሆኑ ያነሳቸውም የተነሳባቸውም ሰው አይታወቅም። ሁለቱ ወዲያውኑ ይወጣሉ። ሦስቱ የጎብኚውንም የተነሺውንም ፈቃድ ስለሚሹ በይቆይ ይያዛሉ። አራቱ ግን ተነሺዎቹን ማግኘት ስለሚቻል ፈቃድ ሊጠየቅባቸው ይችላል።

ዘጠኙ፣ ስድስቱና አራቱ ሲደመሩ 19 ይሆናሉ። 16 ምስል ለሚይዝ ብሮሸር ይህ በቂ ነው። ከአራቱ አንዱም ባይፈቀድ ግን 15 ብቻ ስለሚቀሩ አንድ ምስል ይጎድላል፤ ብሮሸሩም አንድም የቅርብ የሰው ፊት ሳይኖረው ይቀራል። ማኅበሩ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማወቅ የነበረበት ይህንን ነው።

ፈቃድ የመሰብሰቡ ሥራ በገበያ ቀን ይታቀዳል። ከአራቱ ተነሺዎች ሁለቱ በቱርሚ አካባቢ፣ ሁለቱ በቀይ አፈር አካባቢ ይኖራሉ እንበል። የቱርሚ ገበያ ሰኞ፣ የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ ስለሆነ አንድ አባል በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ሊያገኛቸው ይችላል። ፈቃዱ የሚጠየቀው ሰዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ ነው። የምስሉ ቅጂ ይታያቸዋል፤ ምስሉ የት እንደሚታተም፣ ስንት ቅጂ እንደሚወጣና ማን እንደሚያየው ይነገራቸዋል፤ እምቢ ማለት እንደሚችሉም ይገለጽላቸዋል። መልሳቸው ከአስተርጓሚው ሌላ አንድ ምስክር ባለበት በቅጽ ላይ ይሰፍራል። አማርኛ በማያነብ ሰው የጣት አሻራ ብቻ የተሞላ ቅጽ የተባለውን ስለመረዳቱ ብዙ አይናገርም፤ ስለዚህ ማን እንዳስተረጎመና ምን እንደተባለ አብሮ ይጻፋል። ከአራቱ አንዱ ሕፃን ከሆነ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ነው።

የማስጀመሪያ መልእክቱ

መልእክቱ የምስጋና ደብዳቤ አይደለም። የተገኘውን፣ የጎደለውንና ቀጣዩን ቀን ያስቀምጣል። ሁለት ነገሮች ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

አንደኛው ቀን ነው። ማኅበሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሠራ ከውጭ እንግዶች ጋር የሚዋዋለው አስጎብኚ ድርጅት በጎርጎርዮሳዊው ሊሠራ ይችላል። «10/5» ተብሎ የተጻፈ ቀን ለአንዱ ጥር 10፣ ለሌላው ሜይ 10 ነው። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተባለው በሌላው የቀን መቁጠሪያ ላይ ሌሊት 3 ሰዓት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። መፍትሔው የዕለቱንና የወሩን ስም በፊደል መጻፍና ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው።

ሁለተኛው ዝምታ ነው። «በሦስት ቀን መልስ ካልመጣ እንደጸደቀ ይቆጠራል» የሚል ሐረግ ማስገባት ያማልላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1682 ግን ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር በመርህ ያስቀምጣል። ከሕጉም ባሻገር ሰብሳቢው ኔትወርክ በማይደርስበት መንደር እንግዳ ይዞ ሊሆን ስለሚችል ዝምታው ስለ ረቂቁ ምንም አይናገርም። የተሻለው መንገድ ዝምታን በማጽደቅ ሳይሆን በመዘግየት መተርጎም ነው፤ መልስ እስኪመጣ ሥራው ይቆማል፣ የማስረከቢያው ቀንም በዘገየው ልክ ይገፋል።

ለማሳያው ማኅበር የሚላከው መልእክት የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦

«ለተከበራችሁ የማኅበሩ ሥራ አመራር አባላት፦ የሞላችሁት መጠይቅ ደርሶናል። ከ24 ምስሎች 15ቱ የአንሺዎቹ የጽሑፍ ፈቃድ ሲደርሰን ያገለግላሉ፤ 4ቱ በተጨማሪ የተነሺዎቹን ፈቃድ ይጠብቃሉ፤ 3ቱ ለጊዜው ይቆያሉ፤ 2ቱን አንጠቀምም።

እስከ ዓርብ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 17 ቀን 2025) የምስሎቹን ዋና ፋይሎች በፍላሽ፣ የአንሺዎቹን የጽሑፍ ፈቃድና የማኅበረሰቦችን ስም ዝርዝር እንድታደርሱን እንጠይቃለን። የተነሺዎችን ፈቃድ ወኪላችሁ ሰኞ ጥር 12 (ጃንዋሪ 20) በቱርሚ፣ ሐሙስ ጥር 15 (ጃንዋሪ 23) በቀይ አፈር ይጠይቃሉ። እነዚህ ከተሟሉ ሥራው ሰኞ ጥር 19 (ጃንዋሪ 27) ይጀመራል፤ የመጀመሪያው ረቂቅ ሰኞ የካቲት 3 (ፌብሩዋሪ 10) ይቀርባል። እርማታችሁን በአንድ ላይ አጠቃላችሁ እስከ ሰኞ የካቲት 10 (ፌብሩዋሪ 17) ላኩልን። በዋጋው ሁለት ዙር እርማት ተካቷል።

ረቂቁን የሚያጸድቁት ሰብሳቢው ናቸው፤ በሌሉበት በቃለ ጉባኤ የተወከሉት ጸሐፊ ያጸድቃሉ። መልስ ከዘገየ ሥራው ይቆማል፤ የማስረከቢያው ቀንም በዚያው ልክ ይገፋል። በዚህ ከተስማማችሁ አንዱን ቅጂ ፈርማችሁና ማኅተም አድርጋችሁ መልሱልን።»

መልእክቱ በቴሌግራም ቢላክም የታተመ ቅጂው ለብቻው ይሰጣል። የስልክ መልእክት በሌሎች መልእክቶች ሥር ተቀብሮ ይቀራል፤ በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ የተቀመጠ ሰነድ ግን አመራሩ ቢቀየርም ይገኛል።

የአሠራሩ ገደብ

መጠይቅ የተጻፈውን እንጂ እውነቱን በራሱ አያረጋግጥም። ለሃያ አራቱም ምስሎች በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ በአንድ ጊዜ «ፈቃድ አለ» ተብሎ ከተሞላ ባለሙያው ሁለት ሦስቱን መርጦ ማስረጃቸውን እንዲያይ መጠየቅ አለበት። «በኋላ እናመጣለን» የሚል መልስም የማስጀመሪያውን ቀን ያራዝማል እንጂ እንደተሟላ አይቆጠርም።

ሌላው ገደብ የግለሰብ ፈቃድ ሁሉንም ጥያቄ አለመመለሱ ነው። አንድ ወጣት በሥነ ሥርዓት ላይ የተነሳው ምስል እንዲታተም ቢፈቅድ ሥነ ሥርዓቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌዎች ሌላ ሐሳብ ሊኖራቸው ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚናገረው ስለ ሰውየው ምስል እንጂ ስለ ማኅበረሰቡ ክብር በሙሉ አይደለም። መጠይቁ ማድረግ የሚችለው «ከዚህ ምስል ጋር በተያያዘ መጠየቅ ያለበት ሌላ ሰው አለ?» ብሎ በሩን መክፈት ነው።

ወጪም አለ። በማሳያው ላይ የፈቃድ ማሰባሰቡ ወደ ሁለት ገበያዎች መጓዝን ይጠይቃል። የጉዞውና የአስተርጓሚው ወጪ በማን እንደሚሸፈን በዋጋ ማቅረቢያው ካልተጻፈ ሥራው ሳይሠራ ይቀራል፤ ቅጹም ቢሮ ውስጥ ይሞላል። ለተነሺው የሚከፈል ገንዘብ ካለም መጠኑ በቅጹ ላይ ይገለጻል፤ ክፍያው ለመነሳት ሳይሆን ለኅትመት መሆኑም አብሮ ይጻፋል።

ማጠቃለያ

በደቡብ ኦሞ የቱሪዝም ኅትመት ሥራ ላይ የቅድመ ሥራ መጠይቅ ዋና ተግባሩ ግብአቶችን መቁጠር ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ግብአት የፈቃድ ባለቤት መለየት ነው። የማስጀመሪያ መልእክቱም የተለየውን በቀንና በስም ያስራል። በማሳያው እንደታየው 24 ምስሎች ያሉት ደንበኛ ያለ ተነሺዎች ፈቃድ ሊጠቀም የሚችለው ከ15 አይበልጥም። ይህን ልዩነት በጥር ማወቅ የአንድ ሳምንት ጉዞ ያስወጣል፤ በየካቲት መጨረሻ፣ ሺህ ቅጂ ከታተመ በኋላ ማወቅ ግን ሺሁን ቅጂ ያስከፍላል። በአንቀጽ 29 መሠረት ሳይፈቅድ ምስሉ የታተመበት ሰው ስርጭቱ እንዲቆም መጠየቅ ይችላልና።